ሠርተው፣ ልጅ አሳድገው፣ ማታ ሠልጥነው ለሚመረቁ ጎልማሶች የምረቃ ንግግር ማዘጋጀት፦ ዝርዝር መመሪያ

በቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች የማታ ፕሮግራም ምረቃ ላይ የሚደረግ ንግግር ከቀን ተማሪዎች ምረቃ ንግግር ይለያል። ከትምህርት ቤት በቀጥታ ለመጣ ወጣት «ነገ የሥራውን ዓለም ትቀላቀላላችሁ» ማለት ትክክል ነው። ለማታ ተመራቂ ግን ይህ አባባል ትርጉም የለውም፤ ምክንያቱም የሥራውን ዓለም ከተቀላቀለ ቆይቷል፤ ምናልባትም ትናንት ከሥራ ወጥቶ ዛሬ ጋዋን ለብሷል፤ ነገ ጠዋት ደግሞ ወደዚያው ሥራ ይመለሳል። ስለዚህ ንግግሩ ስለሚመጣው ዘመን ከሚያወራ ይልቅ ስላለፈው የሥልጠና ጊዜ፣ ማለትም እነዚህ ሰዎች በሥራ፣ በቤትና በወርክሾፕ መካከል ጊዜያቸውን እንዴት እንዳብቃቁት በትክክል መናገር አለበት። ይህ መመሪያ የሚያሳየው ያንን እንዴት ማዘጋጀት እንደሚቻል ነው።

ምሳሌ እንዲሆነን አንድ የታወቀ ዓይነት ሁኔታ እንውሰድ። ተናጋሪዋ በአዲስ አበባ በሚገኝ ኮሌጅ የማታ አሠልጣኝ ናት እንበል። ተመራቂዎቹ በልብስ ስፌት፣ በሕንፃ ኤሌክትሪክ ተከላና በምግብ ዝግጅት የሠለጠኑ ናቸው። የተሰጣት ጊዜ 7 ደቂቃ ነው። ከተመራቂዎቹ ብዙዎቹ ወላጆች ናቸው፤ አንዳንዶቹም ከእርሷ በዕድሜ ይበልጣሉ። እርስዎ ዲን፣ የዘርፍ ኃላፊ ወይም የተመራቂዎች ተወካይ ቢሆኑም ደረጃዎቹ ያው ናቸው፤ የሚለወጠው የሚናገሩበት ድምፅ ብቻ ነው።

ከመጻፍ በፊት ማጣራት የሚገባው

መጀመሪያ ከዝግጅት ኮሚቴው የመርሐ ግብሩን ዝርዝር ይቀበሉና ንግግርዎ ከምን በኋላ እንደሚመጣ ይመልከቱ። ከክብር እንግዳው ንግግር በኋላ ከሆነ አዳራሹ ደክሟል፤ ሰርተፍኬት ከመታደሉ በፊት ከሆነ ደግሞ ሁሉም የሚጠብቀው ስሙ እስኪጠራ ነው። በሁለቱም ሁኔታ ከተሰጠዎት ጊዜ አንድ ደቂቃ ቀንሰው መጻፍ ይሻላል። የእንግዶቹን ስምና የሥራ ማዕረግ ከፕሮቶኮል ክፍሉ በጽሑፍ ይውሰዱ፤ ከከተማው የሥራና ክህሎት ቢሮ ወይም ከክፍለ ከተማው የሚመጣው ሰው በመጨረሻው ቀን ሊለወጥ ስለሚችል፣ ጠዋት አንድ ጊዜ እንደገና ያረጋግጡ።

ከዚህ የበለጠ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው የተመራቂዎቹን የብቃት ምዘና ሁኔታ ማወቅ ነው። በአገራችን የሙያ ሥልጠና ሥርዓት አንድን ደረጃ ማጠናቀቅና በሙያው ብቁ መባል ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሥልጠናውን ያጠናቀቀ ሰው የኮሌጁን ማስረጃ ያገኛል፤ ብቁ የሚባለው ግን ሲኦሲ በምንለው የሙያ ብቃት ምዘና የጽሑፉንና የተግባሩን ፈተና ሲያልፍ ነው። ውጤቱም «ብቁ» ወይም «ገና ብቁ ያልሆነ» ተብሎ የሚገለጽ እንጂ እንደ ትምህርት ቤት ፈተና ደረጃ የሚወጣበት አይደለም። በምረቃው ቀን የተወሰኑት ውጤታቸው ያልመጣ፣ አንዳንዶቹም በአንድ ክፍል ድጋሚ ለመመዘን የሚጠባበቁ ሊሆኑ ይችላሉ። ተናጋሪው ይህን ሳያውቅ «ሁላችሁም ብቁነታችሁን አረጋግጣችኋል» ቢል፣ ድጋሚ የምትመዘነው ሴት በልጆቿ ፊት ጋዋን ለብሳ ተቀምጣ አንገቷን እንድትደፋ ያደርጋታል። ስለዚህ ሬጅስትራር ቢሮ ገብተው ይጠይቁ። ሁሉም አልፈው ከሆነ በድፍረት ይናገሩት፤ ካልሆነ «ሥልጠናችሁን አጠናቃችሁ ለዚህ ቀን በቃችሁ» የሚለው ለሁሉም እውነት የሆነ አነጋገር ነው።

ነገሩን መሰብሰብ

የዚህ ንግግር ጥሩነትና መጥፎነት የሚወሰነው እዚህ ላይ ነው፤ ስለዚህ ከሌላው ደረጃ ሁሉ የበለጠ ጊዜ ይስጡት። ቢያንስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ከየሙያው ሁለት ወይም ሦስት ሠልጣኞችን ለየብቻ ያነጋግሩ። ብዙ ሰው የሚጀምረው «በሥልጠናው ወቅት ምን ችግር ገጠመዎት?» ብሎ ነው። ለዚህ ጥያቄ የሚገኘው መልስ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ «ብዙ ፈተና ነበር፤ ግን እግዚአብሔር ይመስገን አለፈ» ይባላል። መልሱ እውነት ነው፤ ከእርሱ ግን ንግግር አይወጣም። ይልቅ አንድ የታወቀ ቀን ይዘው በሰዓት ይጠይቁ፦ ማክሰኞ ከሥራ የሚወጡት ስንት ሰዓት ነበር? ከዚያ ወደ ኮሌጁ በምን ይመጡ ነበር? በዚያ ሰዓት ልጁ ማን ጋ ነበር? እራቱን ማን ሠራው? ቤት ሲገቡ የነቃ ሰው ነበር? የቤት ሥራውን የት ቁጭ ብለው ሠሩት?

እንዲህ ሲጠየቁ ሰዎች ያስታውሳሉ። አንዷ «ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ነው ማስታወሻዬን የማነበው» ትላለች። ሌላው በጥበቃ ሥራው ላይ ባልደረባው ሌሊቱን ባይቀያየረው ኖሮ የተግባር ፈተናው እንደሚያመልጠው ይነግርዎታል። አንዷ ደግሞ ለሥልጠናው ያወጣችው ገንዘብ ከዕቁብ የመጣ እንደሆነ፣ ዕጣው የደረሳት ጎረቤት ተራዋን ለቅቃላት እንደሆነ ትናገራለች። እነዚህን እንደተነገሩ፣ በሰዎቹ በራሳቸው ቃል ይጻፏቸው፤ ቤት ሲደርሱ ወደ መጽሐፍ ቋንቋ አይለውጧቸው። «ታክሲ ሰልፍ ላይ» የሚለውን «በትራንስፖርት ጥበቃ ወቅት» ብለው ከጻፉት ሴትዮዋ የራሷን ታሪክ መሆኑን እንኳ አታውቀውም።

ከሠልጣኞቹ ሌላ የሚጠየቁ ሰዎች አሉ። የዕቃ ክፍሉ ኃላፊ መሣሪያ ለመመለስ መጨረሻ ላይ የሚመጣው ማን እንደነበር ያውቃል። የበር ጥበቃው በዝናብ ቀን ሕፃን አዝላ የመጣችውን ያስታውሳል። የስም መቆጣጠሪያውም ይነግርዎታል፤ ማን እንደቀረ ሳይሆን፣ ከቀረ በኋላ ማን እንደተመለሰ ይፈልጉበት። በወሊድ ምክንያት ለሳምንታት ቀርታ የተመለሰች ሠልጣኝ ካለች፣ ከአንድ ገጽ ሙገሳ ይልቅ ያ መመለስ የበለጠ ይናገራል።

ቀጥሎ ፈቃድ መጠየቅ ይመጣል፤ ይህ በፍጹም የሚዘለል አይደለም። ሰው ለአሠልጣኙ በሹክሹክታ የነገረውን በማይክሮፎን መስማት አይፈልግም። በአዳራሹ ውስጥ አማት፣ የሥራ አለቃ፣ የተለያት ባል፣ የሠፈር ሰው ሊኖር ይችላል። ሊሉት ያሰቡትን ዓረፍተ ነገር ለሠልጣኟ እንዳለ ያንብቡላትና «ይህ ቢነገር ቅር ይልሻል?» ብለው ይጠይቁ። ካመነታች ይተዉት። «ስምሽን አልጠራም» ማለት ብቻውን አይበቃም፤ አብረው የሠለጠኑት በአንድ ፍንጭ ማንነቷን ይለያሉ። የቤት ውስጥ ጠብ፣ ሕመም፣ ዕዳና ፍቺ ግን ባለቤቱ ቢፈቅድም ባይነገር ይመረጣል፤ ፈቃዱ የተሰጠው ለአሠልጣኝ ካለው ክብር ሊሆን ይችላልና።

ከተሰበሰበው መምረጥ

ሰባት ደቂቃ ብዙ አይደለም። አብዛኛው ተናጋሪ በአዳራሽ ውስጥ ተረጋግቶ ሲያነብ በደቂቃ ከ80 እስከ 100 የአማርኛ ቃል አካባቢ ነው የሚሄደው፤ የእርስዎን ለማወቅ አንድ ገጽ ጮክ ብለው እያነበቡ በስልክ ሰዓት ይለኩ። ጭብጨባና ዕልልታ የሚወስደውን ሲቀንሱ ለሰባት ደቂቃ ከ500 እስከ 550 ቃል ይበቃል። በዚህ ውስጥ አንድ ታሪክ በዝርዝር፣ ሁለት ደግሞ በአጭሩ ይገባሉ። አሥር ሰዎችን በአንድ በአንድ ዓረፍተ ነገር መጥቀስ ፍትሐዊ ይመስላል፤ ውጤቱ ግን ማንም የማያስታውሰው ዝርዝር ነው፤ ያልተጠቀሰውም ቅር ይሰኛል።

ዋናው ታሪክ ከወርክሾፕ ቢመጣ እመርጣለሁ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ድካም በሁሉም ቤት አለ፤ እነዚህን ሰዎች ዛሬ እዚህ ያቆማቸው ግን ከድካሙ ጋር ሙያ መያዛቸው ነው። ስለ ድካሙ ብቻ ተናግሮ ስለ ሙያው ዝም ያለ ንግግር ተመራቂውን የሚታዘንለት ሰው ያደርገዋል። ስለዚህ በየሙያው ሠልጣኙ መጀመሪያ አቅቶት በኋላ እጁ የለመደውን አንድ ሥራ ይፈልጉ። በምሳሌአችን ከልብስ ስፌት የተመረጠው የጨርቅ ጠርዝ በሚሰፋው ኦቨርሎክ ማሽን ላይ ክር ማስገባት ነው። ባለ አራት ክሩ ኦቨርሎክ ሁለት መርፌና ክሩን ከታች የሚይዙ፣ ሉፐር የሚባሉ ሁለት ብረቶች አሉት። በተለመደው አሠራር መጀመሪያ የላይኛው ሉፐር፣ ቀጥሎ የታችኛው፣ በመጨረሻ መርፌዎቹ ክር ይገባላቸዋል። መርፌዎቹ ክር እንደያዙ የታችኛውን ሉፐር ክር መልሶ ማስገባት ክሮቹን ያጠላልፋል፤ መስፋት ሲጀመርም ይበጠሳል። ቀኑን በሥራ ለዋለ ዓይን የታችኛው ሉፐር ቀዳዳ በጣም ትንሽ ነው። ይህን የሚያውቁት የሠሩት ብቻ ናቸው፤ ስለዚህ ከመድረክ ሲነገር ተመራቂዎቹ በሙሉ ፈገግ ይላሉ፤ ቤተሰቦቻቸው ደግሞ ማታ ማታ ምን ይሠሩ እንደነበር ለመጀመሪያ ጊዜ በዓይነ ኅሊናቸው ያያሉ።

ከኤሌክትሪኩ የተመረጠው ከደረጃ ላይም ከደረጃ ግርጌም ሊበራና ሊጠፋ የሚችል መብራት መዘርጋት ነው፤ ከምግብ ዝግጅቱ ደግሞ ለዓመታት በእጃቸው እየመጠኑ ሲሠሩ የኖሩ እናቶች ሚዛን ላይ በግራም መመዘን መጀመራቸው። ይህ የመጨረሻው ለጎልማሳ ሠልጣኝ የተለየ ዋጋ አለው፤ እነዚህ ሰዎች ባዶ እጃቸውን እንዳልመጡ፣ ያወቁትን ይዘው መጥተው በላዩ እንደጨመሩበት ያሳያልና።

ረቂቁን መጻፍ

አከፋፈቱ ላይ የማዕረግ ዝርዝር ንግግሩን እንዳይውጠው ይጠንቀቁ። የክብር እንግዳው በትክክለኛ ማዕረጉ ይጠራ፤ ሌሎቹ በጥቅል ይበቃሉ፤ ቤተሰብና ተመራቂ ግን በጥቅል አይታለፉም። ከሰላምታው በኋላ ወዲያው ወደ ነገሩ ይግቡ፦

> የተከበሩ የክብር እንግዳችን፣ የተከበራችሁ የኮሌጁ አመራሮችና የሥራ ባልደረቦቼ፣ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ከሥራችሁም ቀርታችሁ የመጣችሁ ቤተሰቦች፣ የዚህ ቀን ባለቤቶች የሆናችሁ ተመራቂዎች፣ እንኳን ለዚህ ቀን አደረሳችሁ።
>
> የማታው ሥልጠና የሚጀምረው 12 ሰዓት ላይ ነው። በዚያ ሰዓት ሌላው ሰው ሥራውን ጨርሶ ወደ ቤቱ ይሄዳል። እናንተም ሥራችሁን ጨርሳችሁ ነበር፤ የመጣችሁት ግን ወደዚህ ነው። አንዳንዶቻችሁ ማስታወሻችሁን ያነበባችሁት ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆማችሁ እንደሆነ አውቃለሁ።

ስለ አጠራሩ አንድ ነገር ልጨምር። በአገራችን አሠልጣኝ ሠልጣኞቹን «ልጆቼ» ማለት የተለመደ ፍቅር ነው። የልጅ ልጅ ያየች ሴት በተቀመጠችበት አዳራሽ ግን ወጣት አሠልጣኝ «ልጆቼ» ቢል ነውር ነው። ሁሉንም በአንድነት «እናንተ» ማለት አክብሮትንም ቅርበትንም ይይዛል፤ አንድን ሰው ለይተው በስም ሲጠሩ ደግሞ «ወይዘሮ» ወይም «አቶ» ብለው በአንቱታ ይጥሩ፤ በክፍል ውስጥ «አንቺ» ይባባሉ እንደነበር ቢታወቅም በልጆቿ ፊት እንዲህ መጠራቷ ለእርሷ ትልቅ ነገር ነው።

ቀጥሎ ዋናው ታሪክ ይመጣል። እዚህ ዓረፍተ ነገሮቹ አጭር ይሁኑ፤ ሙገሳም አይጨመርበት፤ የሆነውን ብቻ ይናገሩ፦

> ኦቨርሎክ አራት ክር ነው። የላይኛው ሉፐር፣ ቀጥሎ የታችኛው፣ መርፌዎቹ መጨረሻ። ቅደም ተከተሉ ከተዛባ ክሩ ይበጠሳል፤ ከተበጠሰ ደግሞ እንደገና ከመጀመሪያው ነው። ቀኑን ሙሉ ሳሙናና ውኃ ውስጥ በዋለ እጅ ያንን ክር በዚያች ቀዳዳ ማሳለፍ ምን እንደሆነ የልብስ ስፌት ተመራቂዎች ያውቁታል። አንድ ማታ ለአንዲት ሠልጣኝ ሦስት ጊዜ ተበጠሰባት። መቀሷን አስቀመጠችና ዝም አለች። አጠገቧ የነበረችው ጓደኛዋ የራሷን ማሽን አጥፍታ መጣች፤ «እኔ መብራት ላብራልሽ፣ አንቺ አሳልፊ» አለቻትና ስልኳን አወጣች። ክሩ አለፈ። በዚያ ማታ የተሰፋው ሸሚዝ ውጭ ባለው ኤግዚቢሽን ላይ ተሰቅሏል፤ ስትወጡ እዩት።

እንዲህ ያለውን ክፍል ሲጽፉ «ይህ የሚያሳየው ጽናትን ነው» ብለው ለማብራራት ይፈተኑ ይሆናል። አያብራሩት። አዳራሹ ገብቶታል። በእውነት የታየ ነገር መጥቀስም ይጠቅማል፤ ሸሚዙ የተሰቀለ ካልሆነ ግን ያንን ዓረፍተ ነገር ያውጡት፤ የተጨመረ ነገር እንዳለ ሁለቱ ሴቶች ያውቃሉና።

ከዚህ በኋላ ሌሎቹ ሁለት ሙያዎች በአጭሩ ይከተላሉ፦

> የኤሌክትሪክ ተመራቂዎች ቀን ግንባታ ላይ ወይም በር ላይ ቆመው ውለው፣ ማታ ከላይም ከታችም የሚበራና የሚጠፋ የደረጃ መብራት ዘረጉ። መጀመሪያ ከላይ ሲበራ ከታች እንቢ አለ፤ ሽቦውን ፈትተው እንደገና አሠሩት። የምግብ ዝግጅት ተመራቂዎች ደግሞ በእጃቸው እየመጠኑ ቤተሰብ ሲያበሉ የኖሩ ናቸው። እዚህ መጥተው ግራም ቆጠሩ። ሚዛኑ እጃቸው ልክ መሆኑን በመሰከረላቸው ጊዜ ያየሁትን ፊት አልረሳውም።

ቤተሰብን ማመስገን

ብዙ የምረቃ ንግግር የሚላላው እዚህ ነው። «ከጎናችሁ ለቆሙ ቤተሰቦች ምስጋና ይድረሳቸው» ተብሎ ያልፋል፤ ማንም ስለ እርሱ እንደተባለ አይሰማውም። ምስጋና የሚደርሰው የተሠራው ነገር ሲጠራ ነው። በመሰብሰቡ ጊዜ «ልጁ ማን ጋ ነበር፤ እራቱን ማን ሠራው» ብለው የጠየቁት ለዚህ ነበር።

ሁለት ነገሮችን ግን ይጠብቁ። አንደኛ፣ «ባሎቻችሁ» ወይም «ሚስቶቻችሁ» ብለው አይጀምሩ፤ ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ ሴት፣ የሞተበት ሰው፣ በእናቱ ቤት የሚኖር አባት አለ። ሰውን በዝምድናው ሳይሆን በሠራው ሥራ ቢጠሩት ሁሉም ራሱን ያገኝበታል። ሁለተኛ፣ አሠሪዎችን ያላደረጉትን አድርገዋል ብለው አያመስግኑ። ፈረቃ ያቀያየረ ባልደረባ ወይም በፈተና ቀን ፈቃድ የሰጠ አለቃ ካለ ይመስገን፤ ከሌለ ግን ስለ አሠሪ ዝም ማለት ይሻላል፤ ለፈተና ቀን ደመወዝ የተቆረጠበት ሰው እዚያ ተቀምጦ እየሰማ ነው።

> አሁን ጋዋን ስላልለበሱት ልናገር። ማታ ማታ ሕፃን አቅፋችሁ ያስተኛችሁ አያቶች፤ ከትምህርት ቤት መጥታችሁ ትንንሾቹን ያበላችሁ ታላላቅ ልጆች፤ ሌሊቱን ተቀያይራችሁ ባልደረባችሁን ለፈተና የላካችሁ፤ የደረሳችሁን የዕቁብ ዕጣ ለጎረቤታችሁ የለቀቃችሁ፤ 3 ሰዓት ከምሽቱ ፌርማታ ድረስ ወጥታችሁ የጠበቃችሁ፤ እባካችሁ በተቀመጣችሁበት እጃችሁን አንሱ። ተመራቂዎች፣ ዞር ብላችሁ እዩአቸው።

«ተነሡ» ከማለት «እጃችሁን አንሱ» ይሻላል፤ አዛውንት፣ ነፍሰ ጡርና ልጅ የታቀፈ ሰው ብዙ ነውና። ከዚህ በኋላ ዕልልታና ጭብጨባ ይመጣል፤ እስኪበቃ ዝም ብለው ይቁሙ፤ በላዩ አይናገሩበት። ታላላቅ ልጆችን ለይቶ መጥራቱን በተለይ አደራ እላለሁ። በማታ ሠልጣኝ ቤት ብዙ ጊዜ ሸክሙን የምትሸከመው ታላቂቱ ሴት ልጅ ናት፤ እርሷን ግን የሚያመሰግን ሰው የለም።

መዝጊያው ምርቃት ቢሆን በአገራችን ባህል ደንበኛ ነው። በአዳራሹ ክርስቲያንም ሙስሊምም ስላለ ለአንዱ ሃይማኖት ብቻ የሚሆን ጸሎት አይምረጡ፤ ሁሉም «አሜን» የሚልባቸው የሽማግሌ ምርቃቶች ሞልተዋል፦

> የእጃችሁን ሥራ ይባርክላችሁ። የያዛችሁት ሙያ እንጀራ ይሁናችሁ። ልጆቻችሁን ለቁም ነገር ያብቃላችሁ። የደከሙላችሁን ለመጦር ያድርሳችሁ።

ከእያንዳንዱ በኋላ ለአሜኑ ቦታ ይተዉ። ከአሜኑ በኋላ ሌላ ምስጋና ወይም ማሳሰቢያ አይጨምሩ፤ ንግግሩ እዚያ አልቋል።

ከረቂቁ የሚወጡ አነጋገሮች

ረቂቁን አንድ ቀን አሳድረው እንደገና ያንብቡት። «ለመማር ዕድሜ አይገድብም» የሚለው በቅንነት ይነገራል፤ ነገር ግን ከተመራቂዎቹ ግማሾቹ በሠላሳዎቹ ዕድሜ ያሉ ሲሆኑ ይህ አባባል አርጅታችኋል ማለት ይሆንባቸዋል። «ሁለተኛ ዕድል አገኛችሁ» የሚለውም የመጀመሪያውን ያበላሹት እነርሱ እንደሆኑ ያስመስላል፤ አንዳንዶቹ ግን ትምህርት ያቋረጡት ታናናሾቻቸውን ለማስተማር ሊሆን ይችላል። የሥራ ተስፋም በንግግር አይሰጥም። «ከነገ ጀምሮ ራሳችሁን ችላችሁ ትቀጥራላችሁ» ከማለት፣ ለመደራጀትም ሆነ ለመቀጠር ኮሌጁ በእርግጥ የሚሰጠው ድጋፍ ካለ እርሱንና የሚሰጥበትን ቢሮ ይናገሩ።

ሥልጠናውን ያቋረጡትን በተመለከተ ጥንቃቄው ይበልጣል። «ብዙዎች ሲወድቁ እናንተ ጸናችሁ» የሚል ዓረፍተ ነገር ጭብጨባ ያስገኝ ይሆናል። ይሁን እንጂ ያቋረጠችው የአንዷ እህት ሆና እንግዳ ተጠርታ መጥታ ሊሆን ይችላል፤ ያቋረጠችውም ልጇ ታሞ ነው። ከጠቀሷቸው «ከመካከላችሁ ያቋረጡ አሉ፤ በሩ ክፍት መሆኑን ንገሩልን» ይበሉ፤ ይህንንም የሚሉት ኮሌጁ በእርግጥ የሚቀበላቸው መሆኑን አረጋግጠው ነው።

ልምምድና የአዳራሹ ሁኔታ

በዓይን ሲነበብ ያማረ ረጅም ዓረፍተ ነገር በአፍ ሲነገር ትንፋሽ ያሳጣል። በአማርኛ ግሱ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ፣ አድማጩ ማን ምን እንዳደረገ ለማወቅ እስከ ማብቂያው ይጠብቃል፤ ስለዚህ በአንድ ትንፋሽ ተነግሮ የማያልቀውን ለሁለት ይክፈሉት። ቢያንስ ሦስት ጊዜ ቆመው ጮክ ብለው ያንብቡ፤ አንዱን ጊዜ ሙያውን በማያውቅ ሰው ፊት ያድርጉት። ሰሚው «ሉፐር ምንድን ነው?» ብሎ ከጠየቀ «ክሩን ከታች የሚይዘው ብረት» የሚል አጭር ማብራሪያ ይጨምሩ።

ጽሑፉን በትልልቅ ፊደል፣ በገጹ አንድ ወገን ብቻ አሳትመው ገጾቹን ቁጥር ይስጧቸው። ከስልክ ማንበብ አይመከርም፤ በመካከል ይቆለፋል ወይም ይደወልበታል። ወደ አዳራሹ ቀድመው ገብተው ማይክሮፎኑን ይሞክሩ። ሕፃናት ያለቅሳሉ፤ ይህ የማታ ምረቃ ነውና የሚጠበቅ ነው። እናትየዋን የሚያሸማቅቅ ነገር ሳይናገሩ፣ ድምፅዎን ሳይጨምሩ ቀስ ብለው ይቀጥሉ።

ጊዜው ቢያጥር

የምረቃ መርሐ ግብር በሰዓቱ ስለማይሄድ፣ ወደ መድረኩ ሲጠጉ አስተባባሪው «ሦስት ደቂቃ ብቻ» ሊልዎት ይችላል። በዚያ ሰዓት ፈጥኖ ማንበብ ሁሉንም ያጠፋል፤ ስለዚህ አጭሩ ንግግር ቀድሞ መዘጋጀት አለበት። ከላይ ካለው ረቂቅ በአጭሩ ንግግር የሚነበቡት ሰላምታው በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ የኦቨርሎኩ ታሪክ፣ የቤተሰቡ ምስጋናና ምርቃቱ ናቸው። የኤሌክትሪኩና የምግብ ዝግጅቱ ታሪክ ቢወጣም ሙያዎቹ በስማቸው ይጠሩ፤ «የልብስ ስፌት፣ የኤሌክትሪክና የምግብ ዝግጅት ተመራቂዎች» ማለት ጥቂት ሰከንድ ነው፤ ሳይጠራ የቀረ ሙያ ግን ለዓመታት ይታወሳል። በአጭሩ ንግግር ውስጥ የሚነበቡትን አንቀጾች በቀይ እስክሪብቶ በዳር አስምረው ይያዙ፤ የተዘለለውን ክፍል ደግሞ ለየሙያው አሠልጣኞች ይስጧቸውና ተመራቂዎቹ ሰርተፍኬታቸውን ሲቀበሉ ወይም በሻይ ሰዓት ያንብቡላቸው።